ጋሼ እንዴት ሆኑ? ስለ ባልደረባችን ቀዶ ጥገና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚዛን ሠራተኛችን ጋሼ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ የጅማው ቡና መጋዘናችን ስልክ አላረፈም። ከሄርማታ ገበያ እስከ ቆጪ ያለው ቡና ነጋዴ፣ ሹፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ሁሉም ይደውላል። ጥያቄው ግን ያው ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ ጻፍነው። ጋሼም «ጻፉት፣ እኔም ልረፍበት» ብለው ፈቅደዋል። እዚህ ያለው ነገር በሙሉ እሳቸው ይወራ ያሉት ብቻ ነው።

ጋሼ ምን ሆነው ነው?

ትርፍ አንጀት። ማታ እምብርታቸው አካባቢ ቁርጠት ቢጤ ጀመራቸው። ጨጓራ መስሏቸው ጤና አዳም በቡና ጠጥተው ተኙ። ጠዋት ሥራ ሲገቡ ሕመሙ ከእምብርት ወርዶ ወደ ቀኝ ጎን፣ ከዳሌ አጥንት ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቁርስ አልበሉም፣ ምግብ ሲያዩ ያስጠላቸው ነበር። ሚዛኑ ጋ ቆመው ቁጥር ሲያነቡ ቀና ማለት ሲያቅታቸው ያየው ልጅ ነው ባጃጅ የጠራው። ባጃጇ ኮብልስቶኑ ላይ በነጠረች ቁጥር ጋሼ ጎናቸውን ጥፍንግ አድርገው ይዘው ነበር። በኋላ ሐኪሙ መጀመሪያ ከጠየቃቸው ነገር አንዱ ይኸው ነበር፦ «መንገድ ላይ ሲያንገጫግጭዎት ያምዎት ነበር?»

ይህን በዝርዝር የምንጽፈው ወሬ ለማሳመር አይደለም። ከእምብርት ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ጎን የሚወርድ፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ፣ ሲያስሉና ሲራመዱ የሚብስ ሕመም የዚህ በሽታ ዋና መልክ ነው። ሁሉም ሰው ላይ ግን እንዲህ ግልጽ ሆኖ አይመጣም። እንዲህ ሲሆን ሆድ ማሳሸት አይገባም፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድም እንደዚያው፤ ያበጠው አንጀት ሊፈነዳ ይችላል። የጋሼ ሳይፈነዳ ነው የተደረሰበት። በዚያው ቀን ማታ ወጣላቸው።

አሁን እንዴት ናቸው?

ደህና ናቸው፣ ቤት ገብተዋል። ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ሾርባና አጥሚት አልፈው ለስለስ ያለ ምግብ ጀምረዋል። ሆስፒታል ሳሉ ነርሷ ጠዋትና ማታ «አየር ወጣ?» እያለች ትጠይቃቸው ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ ብለው ተሳቀው ነበር፣ ግን ቀልድ አይደለም። ሆድ ከተከፈተ በኋላ አንጀት ለጊዜው ይተኛል፣ አየር መውጣቱ ወደ ሥራው መመለሱን ይናገራል። ሲወጣላቸው ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አስታማሚዎች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለጋሼ የላካችሁት መልእክት ሙሉው ምን ይላል?

ይኸውና፦

«ጋሼ፣ በሰላም ስለወጡልን እፎይ ብለናል። ፈጣሪ ይማርዎት። ረቢ ኢሲን ሃ ፈይሱ። ሚዛኑን ተረኛ ይዞታል፣ መዝገቡ በየማታው ይዘጋል፣ ስለ መጋዘኑ አያስቡ። መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም፣ ይተኙ። የመጋዘኑ ልጆች።»

አለቀ፣ ይኸው ነው።

ለምን እንዲህ አጠረ? ለጋሼ ይቺ ትበዛለች?

ይህን ስንት ሰው ጠየቀን መሰላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ረጅም ነበር። ስንት ዘመን እንዳገለገሉ፣ እንዴት አባት እንደሆኑልን፣ ያለ እሳቸው መጋዘኑ ኦና እንደሆነ ይዘረዝራል። አንዷ ልጃችን አነበበችና «ይሄ የሕይወት ታሪክ ነው፣ ሰውዬው እኮ አሉ» አለች። እውነቷን ነው። ውዳሴ ሲበዛ የቀብር ንባብ ይመስላል፣ የታመመ ሰው ደግሞ ይህን ለማሽተት ፈጣን ነው።

ሌላው ምክንያት የአካል ነው። ከማደንዘዣና ከማስታገሻ በኋላ ራስ ይከብዳል፣ ጋሼ ደግሞ ያለ መነጽር አያነቡም። ተኝቶ ስልክ ወደ ላይ አንስቶ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ክንድ ያደክማል። ስለዚህ ልጃቸው ጮክ ብላ በአንድ ትንፋሽ የምታነብላቸው ልክ አደረግነው።

ውስጡ የገባውን ደግሞ እናንሳ። «በሰላም ወጡ» ያልነው የሆነውን ለመናገር ነው። ምርቃቱን በአማርኛና በኦሮምኛ ያደረግነው ጅማ ስለሆንን ነው፤ እዚህ አንዱ መጋዘን ውስጥ «እግዜር ይማርህ» እና «አላህ ያሽርህ» አብረው ነው የሚውሉት፣ «ፈጣሪ» ስንል ማንም አይቀርም። ስለ ሚዛኑ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። ጋሼን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከሰመመን ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት የትናንቱ ጭነት ተመዝኖ እንደሆነ ነው። «አያስቡ» ብቻ ብንላቸው ማሰባቸውን አይተዉም። ማን እንደያዘው፣ መዝገቡ መቼ እንደሚዘጋ ስንነግራቸው ግን «እሺ» ብለው ተኙ። የመጨረሻዋ «መልስ አይጠበቅብዎትም» የምትለዋ ካልገባች ጋሼ ለእያንዳንዱ ሰው «አሜን ልጄ» ብለው ሲጽፉ ነው የሚያመሹት።

ከመልእክቱ ጋር ፎቶ ለምን አልተለጠፈም?

ያለን ፎቶ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሰው ነው። አንለጥፈውም። ሰው ተኝቶ አፉን ከፍቶ እንዲታይ አይፈልግም፣ ለዚያውም በየሰው ስልክ ሲዞር። ፎቶ የሚያስፈልገው ካለ ባለፈው ዓመት የመኸር ጊዜ ጀንፈል ክምሩ አጠገብ ኮፍያቸውን አጥልቀው የተነሱት አለ፣ እሱን ይውሰድ።

እኔም የራሴን ልጽፍላቸው ነው፣ ምን ልበል?

ያው ምርቃትና አንድ ተጨባጭ ነገር። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ይንገሩኝ» የሚለው ጥሩ ይመስላል፣ ግን ጋሼ በሕይወታቸው «ይህን አምጣልኝ» ብለው አያውቁም። «ሐሙስ ፋርማሲ በኩል ስለማልፍ መድኃኒቱን እኔ አመጣዋለሁ» በሏቸው፣ ያኔ እምቢ ለማለት ራሱ ይከብዳቸዋል።

የማይጻፈውን ደግሞ ካያችሁት ታውቁታላችሁ። አንዱ ወዳጃችን «የአጎቴም እንዲሁ ነበር፣ በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ተመልሶ ተከፈተ» ብሎ ላከላቸው። ለማዘን ነው፣ ክፋት የለውም፣ ጋሼ ግን ያን ሌሊት በየሰዓቱ ፋሻቸውን ሲነካኩ አደሩ። በሌላ በኩል «ትርፍ አንጀት ምን አላት፣ ቀላል ናት» የሚልም አለ። የተቀደደው የእሱ ሆድ አይደለማ!

ቀልድም ለጊዜው ይቅር። እውነተኛ ቀልድ ማለታችን ነው፣ የሚያስቀውን። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሲስቅ ስፌቱ ይወጥረዋል፣ በጣም ያማል። ጋሼ ትንሽ ትራስ ታቅፈው ነው የሚቀመጡት። ሳል ወይም ሳቅ ሲመጣባቸው ቁስሉ ላይ ጫን ያደርጉታል፣ ይህን ያስተማረቻቸው ነርሷ ናት። በመጋዘኑ የታወቀው ተረበኛችን ሊጠይቅ ሲሄድ በሩ ላይ «ዛሬ ጨዋ ነኝ» ብሎ ምሎ ነው የገባው፣ እሱን ሲያዩ ገና ሳቃቸው መጣ።

ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ደስ ይላቸዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ባለው ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ስለሚተኙ። በአንዴ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እኛ አገር ጠያቂ ሲገባ በሽተኛው ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ሲወጣም ሊሸኝ ይሞክራል። ጋሼማ ለልጅም ቢሆን ብድግ የሚሉ ሰው ናቸው። አሥር ሰው በየተራ ከገባ አሥር ጊዜ ሆዳቸውን አጠፉ ማለት ነው። ሲነሱ መጀመሪያ በጎን ተገልብጠው፣ እግራቸውን ከአልጋ አውርደው፣ በክንዳቸው ተደግፈው ነው ቀና የሚሉት። እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ላይ እንዳትጎትቷቸው።

ሁለት ነገር በጣም አደራ። አልጋቸው ላይ አትቀመጡ። ፍራሹ ወደ እናንተ ሲሰምጥ ሰውነታቸው አብሮ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የሚለወጠው። ወንበር አለ። ሌላው ሰላምታው ነው። እጅ ጨብጦ ወደ ራስ ስቦ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ለጊዜው ተከልክሏል። ከበሩ ላይ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል፣ የትልቅ ሰው ሰላምታም ነው።

ጉንፋን የያዘው ሰው ይቅርባቸው። በክረምት ጅማ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ ትሉ ይሆናል፣ ቢሆንም። ጉንፋን ሳል ያመጣል፣ ሳሉ ደግሞ ስፌቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ቡና ይፈላ ይሆን?

ይፈላል፣ ጅማ አይደል እንዴ! ግን ቡናው የሚቆላው ውጭ በረንዳ ላይ ነው፣ ዕጣኑም እዚያው። ጭሱ ክፍሉ ውስጥ ከታፈነ ያስላቸዋል። ባለቤታቸው ይህን አውቀውታል፣ እናንተ «ኧረ እዚሁ ይቆላ፣ ሽታው ይሻላቸዋል» እያላችሁ አትወትውቷቸው። ጋሼ ራሳቸው ሐኪሙ ስለፈቀደላቸው ቀጠን ያለች አንድ ስኒ ይቀምሳሉ፣ ሦስተኛው ድረስ ግን አይቆዩም።

ስለ ጫትም ተጠይቀናል። በጭራሽ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። ማስታገሻው ራሱ ሊያደርቅ ይችላል። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሽንት ቤት ሲያምጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅታችሁም። ለመጫወት ብላችሁ እንኳ አጠገባቸው አትቃሙ።

ምን ይዤ ልሂድ?

ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ አቮካዶ። ብርቱካን ግን ሰው ሁሉ ስላመጣ ቤቱ ሞልቷል፣ ፓፓያ ብታደርጉት ለድርቀቱም ደግ ነው። ለስላሳውን ተዉት፣ ጋዙ ሆድ ይነፋል። የዶሮ ሾርባ የምትሠሩ ካላችሁ በርበሬና ቅቤ ሳይበዛ። ማር የምታመጡም አላችሁ፣ የጅማ ማር መቼም ማን ይጠላል። ይበሉታል። ቁስሉ ላይ ግን አይቀባም። ይህን የምንለው አንድ ጠያቂ ማሩን ከነምክሩ ስላመጣው ነው። ማርም፣ ቅቤም፣ ቅጠልም ስፌቱ ላይ አይደረግም። ጠበልም ሆነ ዘምዘም በሽተኛው የሚያምንበትን ሐኪሙ መጠጣት ከፈቀደለት በኋላ ይጠጣ፣ ፋሻው ግን እንዳይርስ። ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ መቆየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቁስሉ እየዳነ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ይህን ብዙ የጠየቁን የሠፈር ሰዎች ናቸው፣ የየራሳቸው በሽተኛ ስላላቸው ይመስለናል። የነገሩንን እንደ ወረደ እንንገራችሁ። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ አለበት። ትንሽ ማሳከክና የስፌቱ ዳር ጠጠር ማለቱ ያለ ነገር ነው። የሚያስፈራው የተገላቢጦሽ ሲሆን ነው፦ ቀንሶ የነበረው ሕመም እንደገና ሲጨምር፣ ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ሲሞቅና ሲያብጥ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲወጣ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን። የቁስል ማመርቀዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማግስቱ ሳይሆን ቀናት ቆይቶ፣ ሰውዬው ቤት ገብቶ «ዳንኩ» ባለበት ሰዓት ነው። ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ ከመጣ ወይም አየርም ሰገራም እምቢ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

ጋሼ ላይ አንድ ማታ ትኩስ ትኩስ ብሏቸው ቤተሰቡ ደንግጦ ነበር። ልጃቸው በቴርሞሜትር ለካች፣ 37.2 ነበር። ቁስሉ አልቀላም፣ ፈሳሽም የለም። ለካስ ባለቤታቸው ብርድ እንዳይመታቸው ብለው ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርበውላቸው ነው! አንዱ ሲነሳ በረደላቸው። በማግስቱ ግን ለፋሻ ሲሄዱ ነገሩን ተናገሩ፣ ቁስሉም ታየ። መልካም ነው ተባሉ። ፀረ ተሕዋሲያኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ይውሰዱ ነው የተባሉት፣ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም።

ደሞዛቸው ይቆረጣል?

አይቆረጥም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደሞዙን ያገኛል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በ12 ወር ውስጥ ጠቅላላው ከ6 ወር አይበልጥም። የጋሼ እረፍት ከመጀመሪያው ወር ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፣ ለትርፉ ቀን የዓመት ፈቃድ አላቸው። የሐኪሙ ወረቀት ማኅተም ያለበት መሆን አለበት፣ ገብቷል። ማንም እንደገና ሄዶ «ወረቀቱስ?» ብሎ እንዳይጠይቃቸው።

መዋጮ አለ?

አለ። የፈለገ የቻለውን ለገንዘብ ያዧ ይስጥ። የስም ዝርዝር አይለጠፍም፣ ማን ስንት እንደሰጠ አይነበብም። በፖስታ ሆኖ ለባለቤታቸው ነው የሚሰጠው፣ ለጋሼ በእጃቸው አይደለም። ለምን እንደሆነ የምታውቋቸው ታውቃላችሁ።

መቼ ይመለሳሉ?

ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ይወጣል። ክር ወጣ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም፣ ላይኛው ቆዳ ነው የተያያዘው። ከሥር ያለው የሆድ ግድግዳ ለመጠንከር ሳምንታት ይፈልጋል። በእሳቸው ዓይነቱ ሆድ ተከፍቶ በሚሠራ ቀዶ ጥገና ከባድ ነገር ማንሳት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ክልክል ነው ተብለዋል። ቁርጡን ቀን የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሥጋት። ጋሼ ሥራቸው መመዘን ነው፣ ግን ጆንያ ሲንሸራተት አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ለውጭ ገበያ የሚሄደው ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ሐኪሙ «ለጊዜው ከ5 ኪሎ በላይ አያንሱ» ነው ያላቸው፣ እሱም አንድ የሞላ ባለ 20 ሊትር የውኃ ጀሪካን እንኳ አያህልም። ቶሎ ያነሳ ሰው ስፌቱ ቦታ ላይ ቡአ ሊወጣበት ይችላል፣ ያ ደግሞ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ቀን፣ ቢሮ ውስጥ፣ መዝገብ ላይ ናቸው። የሚዛኑ ክፍል በር ላይ ወንበር ተቀምጦላቸዋል። ጫኞች ሁሉ ተነግሯቸዋል፦ ጋሼ ጆንያ ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ያየ፣ «ጋሼ፣ ይልቀቁ» ይበላቸው። ይቆጡ ይሆናል፣ ይቆጡ።

ደውዬ ድምፃቸውን ብሰማስ?

ለሴት ልጃቸው ደውሉ። ነቅተው ከሆነ ታቀርባቸዋለች። በቀጥታ ከደወላችሁላቸው ታሪኩን ከእምብርት ጀምረው እንደ አዲስ ነው የሚያወሩት፣ ለእያንዳንዱ ደዋይ፣ ምንም ሳያጎድሉ።

የሚዛኑ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የዕለቱ ተረኛ ጋ። የተረኞቹ ስም በሩ ላይ ተለጥፏል። እባካችሁ ይህን ለጋሼ ደውላችሁ አትጠይቁ፣ ትናንት ሁለት ሰው ጠይቋቸዋል።